በአንድ ኮንቴይነር የገቡ የተለያዩ ዕቃዎች የነጠላ ዋጋ አሰላል፦ የወጪ ማከፋፈያ መሠረት ምርጫ በአቃቂ ቃሊቲ አስመጪ ምሳሌነት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ መጋዘን እስኪደርስ የሚያስከትለው ጠቅላላ ወጪ ለእያንዳንዱ ነጠላ ዕቃ እንዴት እንደሚደርስ ይመረምራል። ትኩረቱ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ኮንቴይነር ተጭነው በሚመጡበት ሁኔታ ላይ ነው። ለማሳያነት በተዘጋጀ ስሌት አማካይነት፣ የጋራ ወጪዎችን በዕቃው ዋጋ መጠን ማከፋፈል ብዙ ቦታ የሚይዘውን ርካሽ ዕቃ አትራፊ አስመስሎ ሊያሳይ እንደሚችል፣ በያዘው ቦታ መጠን ሲከፋፈል ግን ያው ዕቃ በኪሳራ እየተሸጠ መሆኑ እንደሚገለጥ ያሳያል። በጉምሩክ ከሚከፈሉት ታክሶች መካከል የትኞቹ የዕቃው ወጪ እንደሆኑና የትኞቹ እንዳልሆኑም ይለያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ላንድድ ኮስት፣ የወጪ ማከፋፈያ መሠረት፣ የጉምሩክ ዋጋ፣ ሱር ታክስ፣ አቃቂ ቃሊቲ

1. መግቢያ

ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የጭነት መኪና ዱከምንና ገላንን አልፎ ከተማዋን የሚያገኛት በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። የቃሊቲ ጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ በርካታ የአስመጪዎች መጋዘኖችም በአካባቢው ተሰባስበዋል። በእነዚህ መጋዘኖች ደጃፍ ኮንቴይነር በተከፈተ ቁጥር የሒሳብ ሠራተኛው አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም «አንዱ ስንት ወጣበት?» የሚል ነው።

በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም። የዕቃው ግዢ፣ ማጓጓዣው፣ መድኑ፣ ቀረጡና የማስለቀቂያ ወጪው ተደምሮ ለዕቃው ብዛት ይካፈላል። በነጋዴውም በሒሳብ ባለሙያውም ዘንድ ላንድድ ኮስት የሚባለው ይህ ድምር ነው። ሆኖም አስመጪው ኮንቴይነሩን ለመሙላት ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ዕቃ ቀላቅሎ ሲያስመጣ፣ የማጓጓዣው ደረሰኝ አንድ ሆኖ ዕቃዎቹ ግን ብዙ ይሆናሉ። ያን ጊዜ የነጠላ ዋጋው የሚወሰነው በደረሰኞቹ ብቻ ሳይሆን ደረሰኞቹ በተከፋፈሉበት መሠረትም ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሐሳብም የማከፋፈያው መሠረት ወጪውን ካስከተለው ምክንያት ጋር ካልተጣጣመ፣ ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ስሕተት ይሆናል የሚል ነው።

2. በጉምሩክ የሚከፈለውና የዕቃው ወጪ የሚሆነው

በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት የገቢ ዕቃ የጉምሩክ ዋጋ ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ የጉምሩክ ክልል መጀመሪያ እስከሚገባበት በር ድረስ ያለው ትክክለኛ ጠቅላላ ወጪ ነው። ስለዚህ የዕቃው ግዢ፣ እስከ መግቢያው በር ያለው ማጓጓዣና መድን በቀረጥ ማስከፈያ ዋጋው ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጽሑፍ ሲአይኤፍ የሚባለው ይህ ዋጋ ነው። ከበሩ ወዲህ ያለው የመኪና ኪራይ፣ የትራንዚተር አገልግሎት ክፍያና የጫኝና አውራጅ ክፍያ ላንድድ ኮስቱን ቢጨምሩም ቀረጥ አይታሰብባቸውም።

ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ስለሚሰሉ ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ በሲአይኤፍ ላይ፣ ኤክሳይስ ታክስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ በሲአይኤፍና በቀረጡ ድምር ላይ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በነዚህ ሁሉ ድምር ላይ ይሰላል። በደንብ ቁጥር 133/1999 የተጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚሰላው ተጨማሪ እሴት ታክሱ ጭምር ከተደመረ በኋላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥና 3 በመቶው የገቢ ግብር ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም ዊዝሆልዲንጉ፣ ሁለቱም በሲአይኤፍ ላይ ብቻ ይታሰባሉ።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ዲክላራሲዮን ላይ ተዘርዝረው በአንድ ጊዜ ስለሚከፈሉ፣ ሁሉንም የዕቃው ወጪ አድርጎ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው። በሒሳብ አዘጋገብና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 አማካይነት በኢትዮጵያ ተግባራዊ በሆኑት ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ውስጥ የሚገኘው የሸቀጥ ክምችት መመዘኛ፣ አይኤኤስ 2፣ ድርጅቱ ከታክስ ሰብሳቢው መልሶ የሚያገኛቸውን ታክሶች ከዕቃው ወጪ ያስወጣል። በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ አስመጪ በጉምሩክ የከፈለውን ታክስ ከሽያጩ ከሚሰበስበው ላይ ስለሚያቀናንስ፣ ይህ ክፍያ የዕቃው ወጪ አይደለም። ዊዝሆልዲንጉም በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው የገቢ ግብር የሚቀናነስ ቅድመ ክፍያ ነው። በአንጻሩ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ ታክስ፣ ሱር ታክስና የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ የማይመለሱ ስለሆኑ የዕቃው ወጪ ይሆናሉ። አስመጪው በተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ከሆነ ወይም የሚሸጠው ዕቃ ከታክሱ ነጻ ከሆነ ግን፣ ማቀናነሻ ስለማይኖረው ተጨማሪ እሴት ታክሱም ወጪ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይታይ አንድ ነገር አለ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ተመላሽ ቢሆንም በእርሱ ላይ የተሰላው 10 በመቶ ሱር ታክስ አይመለስም። ስለዚህ ተጨማሪ እሴት ታክስን ከስሌቱ አስቀድሞ የሚያስወጣ ባለሙያ ሱር ታክሱን አሳንሶ ይደርስበታል። ትክክለኛው አካሄድ ታክሱን አስልቶ ሱር ታክሱን ከወሰነ በኋላ፣ ወደ ነጠላ ዋጋው ሲሻገር መተው ነው።

3. የማሳያው ስሌት

የሚከተለው ምሳሌ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው። መጋዘኑ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኝ አንድ አስመጪ በአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 4,000 የበር ቁልፍና 2,000 የፕላስቲክ ወንበር ያስመጣል እንበል። ቁልፉ በላኪው አገር ወደብ፣ በኤፍኦቢ ዋጋ፣ 8 ዶላር፣ ወንበሩ ደግሞ 4 ዶላር ነው። ቁልፎቹ 10 ሜትር ኩብ፣ ወንበሮቹ 50 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛሉ። ምንዛሪው 1 ዶላር በ130 ብር፣ የጉምሩክ ቀረጡ ለቁልፍ 20 በመቶ፣ ለወንበር 35 በመቶ ተደርጎ ለስሌቱ ተወስዷል፤ ኤክሳይስ ታክስ የለባቸውም። በተግባር የቀረጥ ልኩ የሚነበበው ከታሪፍ መጽሐፉ ሲሆን፣ ቁልፍ በአንቀጽ 83.01፣ መቀመጫ በአንቀጽ 94.01 ሥር ይመደባሉ።

የግዢው ድምር 5,200,000 ብር ሲሆን፣ የቁልፎቹ ድርሻ 4,160,000፣ የወንበሮቹ 1,040,000 ብር ነው። ይህም 80 በመቶ ለ20 በመቶ ማለት ነው። እስከ መግቢያው በር ያለው ማጓጓዣ 780,000 ብር፣ መድኑ 52,000 ብር ነው። በዲክላራሲዮኑ ላይ ሁለቱም ወጪዎች በዕቃዎቹ ዋጋ መጠን ተከፋፍለዋል እንበል። ስለዚህ የቁልፎቹ ሲአይኤፍ 4,825,600 ብር፣ የወንበሮቹ 1,206,400 ብር ይሆናል። ቀሪው ስሌት በሰንጠረዥ 1 ቀርቧል።

ሰንጠረዥ 1፦ በጉምሩክ የተከፈለ፣ በብር

| ክፍያ | ቁልፍ | ወንበር |
|---|---|---|
| የጉምሩክ ቀረጥ | 965,120.00 | 422,240.00 |
| ተጨማሪ እሴት ታክስ | 868,608.00 | 244,296.00 |
| ሱር ታክስ | 665,932.80 | 187,293.60 |
| የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ | 144,768.00 | 36,192.00 |
| ዊዝሆልዲንግ | 144,768.00 | 36,192.00 |
| ድምር | 2,789,196.80 | 926,213.60 |
| ከዚህ ውስጥ የዕቃው ወጪ የሚሆነው | 1,775,820.80 | 645,725.60 |

ከአስመጪው ካዝና የወጣው 3,715,410.40 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,293,864 ብር፣ ማለትም ከሲሶ በላይ የሚሆነው፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ዊዝሆልዲንግ ስለሆነ ወደ ነጠላ ዋጋው አይገባም። አስመጪው ይህን ገንዘብ ለጊዜው ማግኘት ስላለበት በጥሬ ገንዘብ ዕቅዱ ውስጥ ሊያካትተው ይገባል፤ በዕቃው ዋጋ ላይ ቢጭነው ግን እያንዳንዱን ወንበር በ140.24 ብር፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በ253.34 ብር ያለ አግባብ ያስወድደዋል።

ከበሩ ወዲህ ያሉት ወጪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። እስከ መጋዘኑ ያለው የመኪና ኪራይና የጫኝና አውራጅ ክፍያ በድምሩ 240,000 ብር፣ የባንክ የኤል ሲ አገልግሎትና የትራንዚተር ክፍያ ደግሞ 100,000 ብር ነው።

4. ሁለት መልሶች ለአንድ ጥያቄ

በመጀመሪያው ዘዴ ሁሉም የጋራ ወጪዎች በዕቃዎቹ የግዢ ዋጋ መጠን ይከፋፈላሉ። ደረሰኙ በእጅ ስላለና ሌላ መረጃ ስለማያስፈልግ በቀላሉ የሚመረጠው ይህ ዘዴ ነው። ማጓጓዣው፣ መድኑ፣ የአገር ውስጥ ጭነቱና የአገልግሎት ክፍያዎቹ በድምሩ 1,172,000 ብር ሲሆኑ፣ ወንበሮቹ 20 በመቶውን ብቻ፣ ማለትም 234,400 ብር ይሸከማሉ።

በሁለተኛው ዘዴ እያንዳንዱ ወጪ ያስከተለውን ምክንያት ተከትሎ ይከፋፈላል። የመርከብና የመኪና ጭነት የሚከፈለው ለኮንቴይነሩ ስለሆነ፣ ኮንቴይነሩን የሞላው ዕቃ በያዘው ቦታ ልክ ይሸከማል። ወንበሮቹ ከ60 ሜትር ኩብ 50ውን ስለያዙ የማጓጓዣው፣ የአገር ውስጥ ጭነቱና የማራገፊያው አምስት ስድስተኛ እጅ የእነርሱ ነው፤ ይኸውም 850,000 ብር ይሆናል። የመድን አረቦን የሚሰላው በተዋሰው ዋጋ ላይ ስለሆነ በዋጋ መጠን ይከፋፈላል፤ ለባንክና ለትራንዚተር ክፍያም በምሳሌው ይኸው መሠረት ተወስዷል። ታክሶቹ ግን በየትኛውም ዘዴ አይከፋፈሉም፤ ዲክላራሲዮኑ ለእያንዳንዱ ዕቃ ለይቶ ስላሰላቸው እንዳሉ ይወሰዳሉ። የሁለቱ ዘዴዎች ውጤት በሰንጠረዥ 2 ይታያል።

ሰንጠረዥ 2፦ ላንድድ ኮስት በሁለቱ ዘዴዎች፣ በብር

| | ሁሉም በዋጋ መጠን | ጭነት በቦታ መጠን |
|---|---|---|
| ቁልፍ፣ ጠቅላላ | 6,873,420.80 | 6,227,420.80 |
| ወንበር፣ ጠቅላላ | 1,920,125.60 | 2,566,125.60 |
| የኮንቴይነሩ ድምር | 8,793,546.40 | 8,793,546.40 |
| የአንድ ቁልፍ ዋጋ | 1,718.36 | 1,556.86 |
| የአንድ ወንበር ዋጋ | 960.06 | 1,283.06 |

የኮንቴይነሩ ድምር በሁለቱም ዘዴዎች እኩል ነው፤ ስለዚህ ድምሩን ከደረሰኞቹ ጋር የሚያመሳክር ኦዲተር ስሕተት አያገኝም። የአንዱ ወንበር ዋጋ ግን በ323 ብር ይለያያል። ወንበሩ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት በ1,150 ብር ይሸጣል ብንል፣ በመጀመሪያው ዘዴ መዝገቡ ከእያንዳንዱ ወንበር ወደ 190 ብር ትርፍ ያሳያል። በሁለተኛው ዘዴ ግን እያንዳንዱ ወንበር 133.06 ብር ያከስራል፤ ለ2,000ው ወንበር 266,120 ብር ማለት ነው። የጠፋው ገንዘብ በመዝገቡ ላይ የማይታየው ቁልፎቹ ስለሚሸፍኑት ነው። በዚያው ልክ ቁልፎቹ ከእውነተኛ ወጪያቸው በላይ የተወደዱ ስለሚመስሉ፣ አስመጪው ተወዳዳሪው የሚሸጥበትን ዋጋ አይቶ «በዚህ ዋጋ አያዋጣም» በማለት ሊተዋቸው ይችላል።

5. ከሁለቱ የትኛው ለእውነት ይቀርባል?

ሁለቱም ዘዴዎች የጋራን ወጪ በስምምነት የሚከፋፍሉ ናቸውና አንዱን ከሌላው ለመምረጥ ምን ማስረጃ አለ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የሚቀርበው ማረጋገጫ ቀላል ነው፦ አስመጪው በመጀመሪያው ስሌት ተማምኖ በሚቀጥለው ጊዜ ኮንቴይነሩን በሙሉ በወንበር ቢሞላውስ?

በ60 ሜትር ኩብ 2,400 ወንበር ይገባል። ግዢው 1,248,000 ብር፣ ማጓጓዣው እንደ ቀድሞው 780,000 ብር፣ መድኑ በግዢው መጠን 12,480 ብር ሲሆን፣ ሲአይኤፉ 2,040,480 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የማይመለሱት ታክሶች 1,092,166.92 ብር፣ የአገር ውስጥ ጭነቱ 240,000 ብር ናቸው። የባንክ ክፍያው ከግዢው ጋር ዝቅ ብሎ 14,400 ብር፣ የትራንዚተሩ 40,000 ብር ነው ቢባል፣ ጠቅላላው 3,427,046.92 ብር፣ የአንዱ ወንበር ዋጋም 1,427.94 ብር ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ ምንም የማከፋፈል ውሳኔ የለም፤ ድምሩ በቀጥታ ለብዛቱ ተካፍሏል። ውጤቱ ከ960 ይልቅ ለ1,283 የቀረበ ነው። የመጀመሪያው ዘዴ አስመጪውን ያሳመነው ትርፍ ቁልፎቹ ከኮንቴይነሩ እንደወጡ ይጠፋል።

ቀሪው የ145 ብር ያህል ልዩነትም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከዚህ ውስጥ 132 ብር የሚሆነው ከታክስ የመጣ ነው። በተቀላቀለው ኮንቴይነር ዲክላራሲዮን ላይ የማጓጓዣው 80 በመቶ 20 በመቶ ቀረጥ በሚከፈልበት ቁልፍ ላይ ተመዝግቦ ነበር። ወንበሩ ብቻውን ሲመጣ ግን ማጓጓዣው በሙሉ የ35 በመቶ ቀረጥ ይሰላበታል። በምሳሌው ታክሶች መሠረት በአንድ ብር ሲአይኤፍ ላይ የሚጨመረው የማይመለስ ታክስ ለቁልፍ 36.8 ሳንቲም፣ ለወንበር 53.5 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ማጓጓዣው በዲክላራሲዮኑ ላይ በየትኛው ዕቃ ሥር እንደተመዘገበ የታክሱን መጠን ይለውጣል። የሒሳብ ሠራተኛው ለውስጥ አሠራር በቦታ መጠን ቢያከፋፍልም፣ ታክሱን ከራሱ ክፍፍል ተነሥቶ እንደገና ማስላት የለበትም፤ በእውነት የተከፈለው በዲክላራሲዮኑ ያለው ነውና።

6. የዘዴው ወሰንና የጥንቃቄ ነጥቦች

ቦታ ለሁሉም ጭነት ትክክለኛ መሠረት አይደለም። መሠረቱ መሆን ያለበት ኮንቴይነሩን አስቀድሞ የሚሞላው ነገር ነው። ወንበር፣ ስፖንጅና ባዶ ጀሪካን ክብደታቸው ሳይደርስ ቦታው ያልቅባቸዋል። በአቃቂ አካባቢ ላሉ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የሚገባ ላሜራ፣ እንዲሁም ሴራሚክ፣ ከኮንቴይነሩ ወለል ብዙም ሳይነሡ የተፈቀደውን ክብደት ይደርሱበታል፤ ለእነርሱ ማከፋፈያው ኪሎ ግራም ነው። ሁለቱም መረጃዎች ከላኪው የማሸጊያ ዝርዝር፣ ማለትም ከፓኪንግ ሊስት፣ ይገኛሉ። በተግባር የሚያጋጥመው ችግር ዝርዝሩ ለጠቅላላው ጭነት ብቻ ተሞልቶ መምጣቱ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ተለይቶ እንዲሞላ በግዢ ትእዛዙ ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ያልተለመዱ ወጪዎችን ይመለከታል። ሰነድ ዘግይቶ ኮንቴይነሩ በወደብ ቢቆይና ዲመሬጅ ቢከፈል፣ ይህ ክፍያ የዕቃው ባሕርይ ያስከተለው አይደለም። አይኤኤስ 2 ዕቃውን አሁን ላለበት ቦታና ሁኔታ ለማድረስ አስፈላጊ የሆነውን ወጪ ብቻ ስለሚቀበል፣ በመዘግየት የመጣ ቅጣት በወቅቱ ወጪነት ይመዘገባል። በነጠላ ዋጋው ውስጥ ከተቀበረ በሁለት ተከታታይ ጭነቶች መካከል የታየው የዋጋ ልዩነት ከገበያው ይሁን ከሰነድ አያያዝ ጉድለት መለየት አይቻልም። ለኮንቴይነሩ መመለሻ የተያዘ ገንዘብም ተመላሽ ስለሆነ ወጪ አይደለም።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የምንዛሪ ጉዳይ ነው። በምሳሌው አንድ ምንዛሪ ብቻ ተወስዷል፤ በተግባር ግን ለላኪው ክፍያ የተፈጸመበት ምንዛሪና ቀረጡ የተሰላበት ምንዛሪ ይለያያሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አስቀድሞ የተከፈለ የዕቃ ዋጋ በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ፣ ታክሱም በዲክላራሲዮኑ ላይ በሰፈረው ብር ይመዘገባል። በዚህ መንገድ የተገኘው ነጠላ ዋጋ ያለፈውን ጭነት ወጪ በትክክል ይናገራል፤ የሚቀጥለውን ግን አይናገርም። የመሸጫ ዋጋ የሚወሰነው ዕቃውን ለመተካት ከሆነ፣ ስሌቱ በወቅቱ ምንዛሪ ከላይ እስከ ታች እንደገና መሠራት አለበት። ምንዛሪው በሲአይኤፉና በእርሱ ላይ በተደራረቡት ታክሶች ላይ ስለሚሠራ፣ አሮጌውን ነጠላ ዋጋ በሙሉ በምንዛሪው ጭማሪ መጠን ማሳደግ በብር የሚከፈለውን የአገር ውስጥ ጭነት ጭምር አለ አግባብ ያሳድገዋል።

7. መደምደሚያ

በተቀላቀለ ኮንቴይነር ውስጥ የነጠላ ዋጋ ስሕተት ከድምር ስሕተት የሚመጣ አይደለም። በምሳሌው ሁሉም ደረሰኝ ተመዝግቦ፣ ድምሩም ተመሳክሮ ሳለ፣ በኪሳራ የሚሸጠው ወንበር አትራፊ ተብሎ ቀርቧል። መፍትሔው ተመላሽ ታክሶችን መለየት፣ የማይመለሱትን ከዲክላራሲዮኑ በየዕቃው መውሰድ፣ ጭነትን በቦታ ወይም በክብደት፣ መድንን በዋጋ መጠን ማከፋፈል ነው። በውጤቱ ላይ ጥርጣሬ ያደረበት ባለሙያ የሚፈትንበት መንገድም አለ፤ ዕቃው ኮንቴይነሩን ብቻውን ሞልቶ ቢመጣ ስንት ይወጣበት እንደነበር አስልቶ ከመዝገቡ ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነና በታክስ ካልተብራራ፣ አንዱ ዕቃ የሌላውን ጭነት እየተሸከመ ነው ማለት ነው።